ናሙና ሲዘገይ የሚመጣው የውሸት ሞገድ፦ ከደብረ ብርሃኑ ወፍጮ ቤት የተማርኳቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን አንድ ወፍጮ ቤት "ሞተሩ ይንቀጠቀጣል" ተብሎ የንዝረት መለኪያ ይዤ ሄድኩ። የሞተሩ ሰሌዳ 1440 ዙር በደቂቃ ይላል፤ በሰከንድ 24 ዙር መሆኑ ነው። ዘንጉ ሚዛን ከሳተ ንዝረቱ 24 ሄርዝ ላይ መታየት አለበት። መለኪያዬ ግን በሰከንድ 20 ናሙና ብቻ ነበር የሚመዘግበው። ንዝረቱን በየድግግሞሹ የሚዘረዝረውን ስፔክትረም ሳወጣ 4 ሄርዝ ላይ አንድ መስመር ጉብ ብሏል።

"መሠረቱ ነው እንዴ የላላው?" አሉኝ ባለወፍጮው።

"ሳይሆን አይቀርም፣ ጋሼ" አልኩና ቀኑን ሙሉ ብሎን ስናጠብቅ ዋልን። መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

ስህተት 1፦ "ናሙናው ካነሰ ሞገዱ ይደበዝዛል" ማለት

ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ እኔም አስብ ነበር። ሞገዱ ግን አይደበዝዝም፤ ጥርት ያለ ሌላ ሞገድ ሆኖ ይመጣል። በሰከንድ 20 ናሙና ሲወሰድ የ24 ሄርዝ እና የ4 ሄርዝ ኮሳይን በእያንዳንዱ ናሙና ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ። አልያሲንግ የሚባለው ይኸው ነው።

ምክንያቱ በድግግሞሽ መስመር ላይ ሲሳል ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንድ ሳይን ሞገድ በዚያ መስመር ላይ ሁለት እንጨት ነው፦ አንዱ +24 ላይ፣ ሌላው −24 ላይ። ናሙና መውሰድ ይህን ሥዕል በየ20 ሄርዙ እየደጋገመ ያትመዋል። የ+24 እንጨት ቅጂዎች 4 እና −16 ላይ ይቆማሉ፤ የ−24ቱ ደግሞ −4 እና 16 ላይ። እኛ የምናየው በየጎኑ የናሙናውን ግማሽ፣ ማለትም ከ−10 እስከ +10 ያለውን መስኮት ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ የገቡት ±4 ናቸው። እውነተኛው 24 ከመስኮቱ ውጭ ቀርቷል።

ስህተት 2፦ አሉታዊውን እንጨት መርሳት

"አሉታዊ ድግግሞሽ የሂሳብ ጌጥ ነው" የሚል ሰው እዚህ ላይ ይጠፋበታል። ናሙናውን በሰከንድ 30 ባደርገው መስኮቱ ከ−15 እስከ +15 ይሆናል። +24 ወደ −6 ይሄዳል፤ +6 ላይ የሚቆመው −24 የነበረው ነው። እንጨቶቹ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ መስመሩ እንደ ነጠላ ታጥፏል።

ይህ እጥፋት በሥራ ላይ ይታያል። ገብሱ አልቆ ሞተሩ ሸክም ሲቀለው ፍጥነቱ ወደ 1488 ዙር ወጣ እንበል፤ 24.8 ሄርዝ ነው። በ20 ናሙና የሚታየው ከ4 ወደ 4.8 ይወጣል። በ30 ናሙና ግን ከ6 ወደ 5.2 ይወርዳል! ሞተር ሲፈጥን መስመሩ ወደ ኋላ ከሄደ የታጠፈ ቅጂ እያዩ ነው።

እኔን ያወጣኝ ሌላ ቀላል ሙከራ ነው። ናሙናውን ከ20 ወደ 22 ቀየርኩት። እውነተኛ 4 ሄርዝ ቢሆን 4 ላይ በቆየ ነበር፤ እሱ ግን ወደ 2 ወረደ (24 − 22)። ይሁን እንጂ አንድ ሙከራ ሁሉንም አይለይም፤ 64 ሄርዝም በ20 ናሙና 4፣ በ22 ናሙና 2 ይሰጣል። በ23 ናሙና ይለያያሉ፦ 24ቱ 1 ላይ፣ 64ቱ 5 ላይ ይወድቃሉ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብም ጊዜ ይቆጥባል፤ ብሎን ከማጥበቅ ይቀላል።

ስህተት 3፦ ከናሙናው በኋላ ማጣራት

ቅጂው 4 ላይ ከተቀመጠ በኋላ ከእውነተኛ 4 ሄርዝ የሚለይበት ምልክት የለውም፤ ሶፍትዌሩ ምን ይዞ ያጣራዋል? ማጣሪያው ከናሙናው በፊት፣ በሽቦው ላይ መሆን አለበት። አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ብቻ አድርጎ መዝናናትም አያዋጣም። መቁረጫው 8 ሄርዝ ቢሆን ከ24 ሄርዙ ንዝረት ሲሶ ያህሉ (1/√10 ≈ 0.32) አሁንም ያልፋል፤ ያውም በ20 ናሙና 4 ላይ ያርፋል። ስለዚህ ጠንከር ያለ ማጣሪያ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ናሙናውን ማፍጠን ነው። እኔ በሰከንድ 200 አደረግኩት፤ መስመሩ 24 ላይ ቆመ።

ስህተት 4፦ "የድግግሞሹ ልክ እጥፍ ናሙና ይበቃል" ማለት

በ48 ናሙና የ−24 ቅጂ በትክክል +24 ላይ ይወድቃል፤ ሁለቱ እንጨቶች ይደራረባሉ። ናሙናው `(-1)^n cos φ` ይሆናል፤ φ የመጀመሪያው ናሙና ሲወሰድ ሞገዱ ያለበት ማዕዘን ነው። ስለዚህ መጠኑን የሚወስነው መመዝገብ የጀመርንበት ቅጽበት ነው። φ 90 ዲግሪ ላይ ከዋለ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ መለኪያው ዜሮ ይላል።