«አሻሽለው» ለተባለ ድርሰት፦ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች አፕላይ የሚያደርጉ ልጆች ድርሰታቸውን ለአስተማሪ ወይም ለታላቅ ወንድም ያሳያሉ። ብዙ ጊዜ የሚመለስላቸው አንድ መስመር ነው፦ «አሪፍ ነው፤ ግን ትንሽ አሻሽለው።» ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

አንዲት ተማሪ የጻፈችውን ረቂቅ እንደ ምሳሌ እንያዝ። ስለ አያቷ ነው፤ 820 ቃል አለው። ኮመን አፕ የሚባለው ማመልከቻ ለዋናው ድርሰት የሚፈቅደው ቢበዛ 650 ነው።

ወዲያው ቃላት መቀያየር

«አሻሽለው» ሲባል ብዙዎች የሚሮጡት ወደ መዝገበ ቃላት ነው። ቀላሉን ቃል በከባድ ይተካሉ፤ ዓረፍተ ነገሩን ያስረዝማሉ። ድርሰቱ ይለወጣል፤ አንባቢውን ያላረካው ነገር ግን እዚያው አለ። መጀመሪያ አንባቢው ምን እንደጎደለበት ይታወቅ። እስከዚያ ረቂቁን አትንኩት።

«ምኑን ላሻሽል?» ብሎ መጠየቅ

ይህ ጥያቄ አስተማሪውን እንደ አዘጋጅ እንዲያስብ ያስገድደዋል። እሱ ደግሞ አርባ ደብተር እያረመ ነው፤ «አጠቃላይ ፍሰቱን» ብሎ ይገላገላችኋል። ሰው ስለ ድርሰት ሙያዊ ትንታኔ መስጠት ሊከብደው ይችላል፤ ሲያነብ የተሰማውን ግን አይረሳም። ስለዚህ ስለ ንባቡ ጠይቁት። «ቲቸር፣ የትኛው አንቀጽ ላይ ሰለቸዎት?» «አንብበው ሲጨርሱ ስለ እኔ ምን ትዝ አለዎት?» ከዚያም ምርጫ ስጡት፦ ይጠር፣ ሞቅ ይበል ወይስ ግልጽ ይሁን?

የእኛዋ ተማሪ እንዲህ ስትጠይቅ ሁለት መልስ አገኘች እንበል። «መግቢያው ላይ ቶሎ ወደ ነገሩ አልገባሽም።» «አያትሽን ደግ ናት አልሽኝ እንጂ አላየኋትም።» አሁን ሁለት ግብ አላት፦ ማሳጠር እና ማሞቅ።

«አሳጥረዋለሁ» ብሎ ቦታና ቁጥር አለማስቀመጥ

ዝም ብሎ ለማሳጠር የተነሳ ሰው ከየዓረፍተ ነገሩ አንድ አንድ ቃል ይለቅማል። ውጤቱ እንደ በፊቱ አሰልቺ፣ ግን የተቆራረጠ ጽሑፍ ነው። ሙሉ በሙሉ ሊወጣ የሚችል አንቀጽ ፈልጉ።

በዚህ ረቂቅ ውስጥ ሦስት አሉ። መግቢያው 90 ቃል ይፈጃል፤ ትምህርት ለአገር ዕድገት ያለውን ጥቅም ያወራል። ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ይውጣ። መሃል ላይ 80 ቃል የሽልማቶቿ ዝርዝር አለ። ማመልከቻው ግን ለሽልማትና ለክበብ ተሳትፎ የራሱ ቦታ አለው፤ ድርሰቱ ውስጥ መድገም ቦታ ማባከን ነው። መደምደሚያው ደግሞ ከላይ ያለውን በ50 ቃል ይደግማል። ሦስቱ ሲወጡ 600 ይቀራል።

ለማሞቅ ቅጽል መጨመር

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። «ሞቅ ይበል» ሲባል «እጅግ»፣ «በጣም»፣ «ከልቤ» ይደረደራል። የተማሪዋ ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር (በአማርኛ ላስቀምጠው)፦

«አያቴ በሕይወቴ ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያሳደረችብኝ ደግ፣ ታታሪና ጠንካራ ሴት ናት።»

እዚህ ላይ «እጅግ» ቢጨመር አያትየዋ አሁንም አትታይም። ግቡን እንዲህ ብላችሁ ጻፉት፦ «በእያንዳንዱ የሙገሳ ቃል ምትክ፣ ሰውየው ሲያደርግ የታየ አንድ ነገር።» ያኔ የሚመጣው ይህን ይመስላል፦

«አያቴ ማታ ማታ ኩራዙን ለደብተሬ ትታ፣ እሷ በጨለማው ጥጥ ትፈትል ነበር።»

ቁጠሩት፤ ሁለቱም 11 ቃል ናቸው። «ደግ» የሚል ቃል የለም፤ ደግነቷ ግን አለ። በእርግጥ ይህ የሚሠራው የተጻፈው እውነት ሲሆን ነው። ኩራዝ ያልነበረበት ቤት ኩራዝ አታስገቡ።

ሁለቱን ግብ አንድ ላይ መሥራት

ማሳጠርና ማሞቅ ይጋፋሉ። ዝርዝር ነገር ቦታ ይፈልጋልና። እያሞቃችሁ ከቆረጣችሁ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ያ ጥሩ ዝርዝር ነው፤ «ጥቃቅን ነገር» ይመስላችኋል። መጀመሪያ ቁረጡ። 600 ላይ ስትደርሱ ለአያትየዋ 50 ቃል ቦታ አለ፤ ከዚያ አሙቁ።

«አሁንስ ተሻለ?» ብሎ መመለስ

መልሱ «አዎ፣ ተሻለ» ነው፤ በይሉኝታም ቢሆን። ግቡን ራሱን ጠይቁ፦ «አሁንም የሰለቸዎት ቦታ አለ? አያቴ ስትባል ምን ታየዎት?» «ኩራዙ» ካለ ሞቋል። «ጎበዝ ሴት ናት» ካለ ግን ገና ነው፤ ወደዚያ አንቀጽ ብቻ ተመለሱ፤ ሌላውን አትንኩ።