ከስንት ስንቱ? የዳሽቦርድ ቁጥሮች እንዴት እንደሚሰሉ የሚያስረዳ ገጽ አጻጻፍ

ምግብ በሞተር የሚያደርስ ድርጅት ውስጥ ስሠራ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ሦስት ሰዎች ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስ ይዘው መጡ። ጥያቄው «ባለፈው ወር ስንት በመቶው ትዕዛዝ በሰዓቱ ደረሰ?» የሚል ነበር። የኦፕሬሽን ኃላፊዋ 80 በመቶ አለች። የፋይናንሱ ልጅ 77.3 አለ። ከደንበኞች አገልግሎት የመጣችው ደግሞ 68 ብላ ቁጭ።

የዋሸ አልነበረም። ሦስቱም ቁጥሩን የቀዱት ከአንድ ሰንጠረዥ ነው። ሰዓቱ ያለቀው ግን ስለ መዘግየቱ ሳይሆን ስለ ቁጥሩ ስንጨቃጨቅ ነው። ዳታው የኔ ሥራ ስለነበር፣ ከዚያ ቀን በኋላ የመለኪያ መግለጫ ገጽ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። አሠራሩን በዚያው ቁጥር ላሳያችሁ። ለስሌት እንዲቀል አኃዞቹን አጠጋግቻቸዋለሁ።

1. በሚያጨቃጭቀው ቁጥር ጀምሩ

ዳሽቦርዱ ላይ 40 ቁጥር ካለ፣ 40ውን በአንድ ቀን ልግለጽ አትበሉ። ሰባተኛው ላይ ይሰለቻችኋል፣ የቀሩትም ለይስሙላ ይጻፋሉ። ቦነስ የሚከፈልበትን፣ ሠራተኛ የሚገመገምበትን ወይም ስብሰባ ላይ ድምፅ ከፍ የሚያደርገውን ቁጥር ቅድሚያ ስጡት። አራት ወይም አምስት ይበቃል።

2. ኩዌሪውን ከመክፈታችሁ በፊት ሰዎቹን ጠይቁ

ቁጥሩን የሚጠቀሙ ሦስት አራት ሰዎችን ለየብቻ አግኙና «ይሄ 80 በመቶ ምን ማለት ነው?» በሏቸው። መልሳቸውን በራሳቸው አነጋገር ጻፉት። ኩዌሪውን የምትከፍቱት ከዚያ በኋላ ነው። ቀድማችሁ ከከፈታችሁት እናንተ ራሳችሁ አስረጂ ትሆናላችሁ፣ ሰዎቹም «አዎ፣ እንደሱ ነው» ይሏችኋል።

እኔ ስጠይቅ የኦፕሬሽን ኃላፊዋ «ከደረሱት ውስጥ» አለች። የደንበኞች አገልግሎቷ «ከታዘዙት ውስጥ» አለች። አንድ የሞተረኞች አስተባባሪ ደግሞ «ሬስቶራንቱ ዘግይቶ ካስረከበኝማ የኔ ጥፋት አይደለም፤ ያ አይቆጠርም» አለኝ። ኩዌሪው ግን ይቆጥረው ነበር። ሰው የሚያስበውና ኩዌሪው የሚያሰላው የሚለያዩበት ቦታ ሁሉ ገጹ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል።

3. «ከስንት ስንቱ?» የሚለውን መልሱ

በመቶኛ የሚነገር ቁጥር ሁሉ ሁለት ቆጠራ አለው። ላይኛውንና ታችኛውን። ሰው የሚከራከረው ስለ ላይኛው ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለያየው ግን ታችኛው ነው።

በዚያ ወር 1000 ትዕዛዝ ነበር። 120ው ተሰረዘ። 880 ደረሰ። ከደረሱት ውስጥ 30ው በስልክ የተቀበልናቸው ስለነበሩ ለደንበኛው የተነገረው ሰዓት አልተመዘገበም። ቃል የተገባ ሰዓት ኖሯቸው የደረሱት 850 ናቸው ማለት ነው። በሰዓቱ የደረሱት 680።

680ን ለ850 ስታካፍሉ 80 በመቶ ይመጣል። ለ880 ስታካፍሉ 77.3። ለ1000 ስታካፍሉ 68። የሰኞው ስብሰባ ጠብ ይኸው ነው። ላይኛው ቁጥር ላይ ሁሉም ተስማምተው ነበር።

እኛ የመረጥነው 850ን ነው፤ ምክንያቱም ሰዓት ያልተነገረውን ትዕዛዝ «ዘገየ» ማለት አይቻልም። ሌላ ድርጅት ሌላ ሊመርጥ ይችላል። ገጹ ላይ ግን ምርጫው ከነምክንያቱ መጻፍ አለበት። ኩዌሪውንም አጠር አድርጋችሁ ከሥሩ አስቀምጡ፤ እኛ የተጠቀምነው ፖስትግሬስ ነበር፦

```sql
SELECT 100.0
  * COUNT(*) FILTER (WHERE delivered_at <= first_promised_at)
  / NULLIF(COUNT(*), 0)
FROM orders
WHERE status = 'delivered'
  AND first_promised_at IS NOT NULL;
```

`first_promised_at` የሚለውን ልብ በሉ። መጀመሪያ ላይ የምንጠቀመው `promised_at` ነበር። ችግሩ፣ ኩሽናው ሲዘገይ አፑ ለደንበኛው አዲስ ሰዓት ይነግርና በዚያው ዓምድ ላይ ይደርበዋል። 6:30 ይደርሳል የተባለ ምሳ ወደ 7:00 ተገፍቶ 6:55 ሲደርስ «በሰዓቱ» ተብሎ ይቆጠራል። ደንበኛው በረሃብ ሞቷል፣ ዳሽቦርዱ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ «በሰዓቱ» ብላችሁ አትለፉ። የትኛው ሰዓት? መጀመሪያ የተነገረው ነው ወይስ የመጨረሻው? ማንስ ነው የሚመዘግበው? በኛ ዘንድ የመድረሻውን ሰዓት የሚመዘግበው ሞተረኛው ስልኩ ላይ ሲጫን ነው። አንዳንዱ ገና ደረጃው ላይ ሳለ ይጫናል። ይሄም ገጹ ላይ ተጽፏል።

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩ በቅርንጫፍ የሚታይ ከሆነ ጠቅላላው እንዴት እንደሚሰላ ጻፉ። ሁለት ቅርንጫፍ ነበረን። አንዱ ከ600 ትዕዛዝ 450ውን በሰዓቱ አደረሰ፤ 75 በመቶ። ሌላው ከ250 ውስጥ 230ውን፤ 92 በመቶ። ሁለቱን መቶኛ ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ሰው 83.5 ያገኛል። እውነተኛው ጠቅላላ ግን ያው 80 ነው፤ ትልቁ ቅርንጫፍ የበለጠ ይመዝናልና። «የቅርንጫፎችን መቶኛ አማካይ አትውሰዱ፤ ትዕዛዞቹን ደምራችሁ አካፍሉ» የምትል አንዲት መስመር ብዙ ኢሜይል ታድናለች።

4. ቀኑና ወሩ የማን ነው?

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ ይህን ደረጃ እንዳትዘሉት።

የኛ ዳሽቦርድ ላይ September የሚለውን አንድ ሰው በቅንነት «መስከረም» ብሎ ተርጉሞት ነበር። ፋይናንስ ሪፖርቱን የሚሠራው በኛ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ የነሱ መስከረም ከመስከረም 1 እስከ 30 ነው። የዳሽቦርዱ «መስከረም» ደግሞ በአብዛኛው ዓመት ከነሐሴ 26 ተነስቶ ጳጉሜንን አቋርጦ መስከረም 20 ላይ ያልቃል። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ግርግር አንዱ ውስጥ አለ፣ ሌላው ውስጥ የለም። የመስቀል ሰሞን መጀመሪያ ሁለቱም ውስጥ አለ። ቁጥሮቹ ቢገጥሙ ነበር የሚገርመው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የወር ስም ብቻ አትጻፉ። የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ጻፉ፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ግለጹ። በኛ አቆጣጠር ከሆነ ጳጉሜን የት እንደምትገባ ወስኑ፦ ለብቻዋ ትቆማለች ወይስ ከነሐሴ ጋር ትደመራለች? ለብቻዋ ከቆመች የአምስት ቀን ወር ግራፉ ላይ ገደል መስላ ትታያለች፤ በየዓመቱም አንድ ሰው ደንግጦ ይደውላል።

ቀኑም እንደዚያው ነው። ሰርቨሩ በUTC የሚሠራ ከሆነ የሱ ቀን የሚገለበጠው በኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። እሑድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የታዘዘ ጥብስ ቅዳሜ ውስጥ ይገባል። እውነቱን ለመናገር፣ ለማታ ሥራ ይሄ ሊመችም ይችላል፤ የቅዳሜ ምሽት ፈረቃ ሳይቆረጥ በአንድ ቀን ይያዛል። ግን ተመርጦ እንጂ በአጋጣሚ መሆን የለበትም። በአዲስ አበባ ሰዓት ይሁን ካላችሁ፣ ዓምዱ `timestamptz` ከሆነ እንዲህ ይጻፋል፦

```sql
(delivered_at AT TIME ZONE 'Africa/Addis_Ababa')::date
```

ትዕዛዙ የሚመደበው በታዘዘበት ቀን ነው ወይስ በደረሰበት? ይህንንም ጨምሩ። ለምሳ ለውጥ የለውም። በእኩለ ሌሊት ዙሪያ ለታዘዘው ግን አለው።

5. ቁጥሩ የማይናገረውን ጻፉ

ብዙ ሰው ይህን ክፍል ይተወዋል። ለኔ ግን ከገጹ ሁሉ በጣም ጠቃሚው እሱ ነው።

የኛ ቁጥር የተሰረዙትን አይቆጥርም። አሁን የዘገዩ 50 ትዕዛዞች ከመድረሳቸው በፊት ተሰረዙ እንበል። ከ850ው ይወጣሉ። 680 ለ800 ሲካፈል 85 በመቶ ነው። አምስት ነጥብ አደግን ማለት ነው። አንድም ምግብ ግን በፍጥነት አልደረሰም፤ እንዲያውም 50 ሰው ምሳ ሳይበላ ቀረ። ሥራው በከፋ ቁጥር መለኪያው ያምራል።

ስለዚህ ገጹ ላይ እንዲህ አልን፦ «ይህ ቁጥር የተሰረዙ ትዕዛዞችን አያሳይም። ከፍ ባለ ጊዜ ሁሉ የተሰረዙትን ብዛት አብራችሁ እዩ።» ዳሽቦርዱ ላይም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የሞተረኞቹን አስተባባሪ ቅሬታም አስገባን፦ «የሬስቶራንቱ መዘግየት እዚህ ውስጥ ተቆጥሯል፤ ስለዚህ በዚህ ቁጥር ሞተረኛን ብቻውን አትገምግሙ።» ሰውየው ገጹን አትሞ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል።

6. ሌላ ሰው በእጁ ያስላው

ገጹን የጻፈው ሰው ራሱ ሊፈትነው አይችልም፤ የጎደለውን ከጭንቅላቱ ይሞላዋል። 20 ትዕዛዝ ወደ ኤክሴል አውጡ። ውስጡ አስቸጋሪዎቹ ይኑሩበት፦ የተሰረዘ፣ ሰዓት ያልተነገረው፣ ሰዓቱ የተገፋ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የታዘዘ። ከዚያ ኩዌሪ ለማያውቅ ባልደረባ ገጹንና ዝርዝሩን ሰጥታችሁ ብቻውን ተዉት።

ለኔ የሠራችልኝ የሒሳብ ክፍል ልጅ ናት። ኩዌሪው 12 ሲል እሷ 11 አገኘች። ምክንያቱ፣ ልክ በተባለው ደቂቃ የደረሰውን እሷ እንደዘገየ ቆጥራዋለች። ገጹ «ከተነገረው ሰዓት በፊት» ይል ነበር፤ ኩዌሪው ግን `<=` ነው። «በተነገረው ሰዓት ወይም ከዚያ በፊት» ብለን አስተካከልነው።

7. ከቁጥሩ አጠገብ አስቀምጡት፣ ለውጡንም መዝግቡ

በፎልደር ውስጥ ፎልደር ተብሎ የተቀበረ ገጽ አይነበብም። ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ትንሽ የጥያቄ ምልክት ይኑር፤ ሲጫኑት በቀጥታ ወደዚያ ቁጥር መግለጫ ይውሰድ። የኃላፊው የሥራ መደብም ይጻፍ፤ የግለሰብ ስም ብቻ ከሆነ ሰውየው ሥራ ሲለቅ ገጹ ወላጅ አልባ ይሆናል።

ስሌቱ ሲቀየር አሮጌውን አጥፍታችሁ አዲሱን አትተኩ። ቀኑን፣ ምን እንደተቀየረና ለምን እንደተቀየረ ጻፉ። ከሁሉም በላይ የአንድን ወር ውጤት በሁለቱም ስሌት አስልታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። እኛ ወደ መጀመሪያው የተነገረ ሰዓት ስንዞር የአንድ ሌላ ወር ቁጥር ከ88 ወደ 80 ወረደ። ለውጡ ተመዝግቦ ስለነበር፣ ሥራ አስኪያጁ «ምን ነካችሁ?» ብሎ ሲደውል ሊንኩን ብቻ ላክሁለት።