የበርበሬ ቅባት ሲያቃጥል ቶሎ አይተዉት

ቡሬ ላይ በርበሬ ሲቀነጥስ የዋለ ሰው እጁ ሲነድ የሚያመሸው ካፕሳይሲን በተባለው ንጥረ ነገር ምክንያት ነው፤ ይኸው ንጥረ ነገር ግን ተመጥኖ በቅባት መልክ ሲዘጋጅ የጉልበት ሕመምን ያስታግሣል። በሕመም ነርቮች ጫፍ ላይ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ የሚከፈት በር አለ፤ ካፕሳይሲን ይህንኑ በር ስለሚከፍተው፣ ቆዳው በእሳት ሳይነካ አንጎል የመቃጠል መልእክት ይደርሰዋል። በሩ ደጋግሞ ሲከፈት ግን ካልሲየም በብዛት ወደ ነርቩ ይገባና ጫፉ ደክሞ መልእክት መላኩን ያቆማል።

አክስቴ 0.025 በመቶ የሆነውን ቅባት ጉልበታቸውን ሁለት ቀን ተቀብተው ስላቃጠላቸው ተዉት፤ ከሳምንት በኋላ ሲጀምሩም ያው ማቃጠል ጠበቃቸው፤ ነርቩ ዕረፍት ሲያገኝ ያገግማልና። በኋላ በቀን አራት ጊዜ፣ ስስ አድርገው፣ ሳያቋርጡ ሲቀቡ ማቃጠሉ በሁለተኛው ሳምንት ረገበ፤ ሕመሙም በአራተኛው ሳምንት ገደማ ቀለለላቸው።

ካፕሳይሲን በውሃ ስለማይሟሟ፣ ከተቀቡ በኋላ እጅን መጀመሪያ በምግብ ዘይት ጠርጎ ቀጥሎ በሳሙና መታጠብ ይገባል፤ አለዚያ ዓይን ሲነካ ክፉኛ ይለበልባል። በቆሰለ ቆዳ ላይ ፈጽሞ አይቀባም፤ ገላን በሙቅ ውሃ ከመታጠብ በፊትና ወዲያው በኋላ መቀባትም ማቃጠሉን ያባብሰዋል። ቤት ውስጥ የተደቆሰ ሚጥሚጣን በቅባቱ ፋንታ መለጠፍ መጠኑ ስለማይታወቅ ቆዳን ሊያቆስል ይችላል፤ ቆዳው ውሃ ከቋጠረ ወይም ካበጠ ደግሞ ቅባቱንም ቢሆን አቁሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።