የጊንኮ ምርት ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ «24 በመቶ» ለምን በቂ ማስረጃ አይሆንም?

ጊንኮ ከጊንኮ ቢሎባ ዛፍ ቅጠል እየተዘጋጀ በእንክብል የሚሸጥ ምርት ነው። ሲገዙት የሚፈጸመው የመጀመሪያው ስህተት በማሸጊያው ፊት ላይ በትልቁ የታተመውን ስም አንብቦ መርካት ነው። «ጊንኮ 120 ሚሊግራም» የሚለው ጽሑፍ ስለ እንክብሉ ይዘት የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። በጀርባው ባለው ዝርዝር ውስጥ ሙሉው የእጽዋት ስም፣ ማለትም ጊንኮ ቢሎባ፣ ከዚያም የተክሉ የትኛው ክፍል እንደተወሰደ፣ በመጨረሻም ምርቱ የደረቀ ቅጠል ዱቄት ይሁን ከቅጠሉ በፈሳሽ ተለይቶ የወጣ ጭምቅ (ኤክስትራክት) ተለይቶ መጻፍ አለበት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ በሕክምና ጥናቶች የተፈተሸውን ጭምቅ አንድ ኪሎ ለማግኘት ከ35 እስከ 67 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ያስፈልጋል። በተጨማሪም አለርጂ የሚያስከትለው ጊንኮሊክ አሲድ ከጭምቁ ተጣርቶ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ5 እጅ በታች እንዲሆን ሲደረግ፣ እንዲሁ በተፈጨ ቅጠል ውስጥ ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ በልጦ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛውና ከሁሉም የከፋው ስህተት «24 በመቶ» የሚለውን ቁጥር የጥራት ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ ነው። ደረጃውን የጠበቀ የጊንኮ ጭምቅ ፍላቮኖል ግላይኮሳይድ የተባሉ ከስኳር ጋር የተያያዙ ውህዶችን 24 በመቶ ያህል፣ ተርፒን ላክቶን የተባሉ ሌሎች ውህዶችን ደግሞ 6 በመቶ ያህል ይይዛል። ችግሩ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር በሚለካበት መንገድ ላይ ነው። በተለመደው ዘዴ ናሙናው ከአሲድ ጋር ይፈላና ፍላቮኖሎቹ ከተያያዙበት ስኳር ይላቀቃሉ፤ ከዚያም ኩዌርሴቲን፣ ኬምፕፌሮልና አይሶራምኔቲን የተባሉት ሦስት ውህዶች ተለክተው ድምሩ በ2.51 ይባዛል። ይህ ስሌት ኩዌርሴቲኑ ከጊንኮ ቅጠል የመጣ ይሁን ከሌላ ተክል ሊለይ አይችልም። ሩቲን ደግሞ ከሶፎራ ጃፖኒካ ዛፍ እንቡጥ በርካሽ የሚገኝ፣ በአሲድ ሲፈላ ኩዌርሴቲን የሚሰጥ ንጥረ ነገር ነው።

አንድ አጭበርባሪ አምራች እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር እንመልከት። 50 ኪሎ እውነተኛ ጭምቅ፣ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ሩቲንና 40 ኪሎ ማልቶዴክስትሪን የተባለ ከስታርች የሚሠራ መሙያ ዱቄት አደባልቆ 100 ኪሎ ያወጣል እንበል። እውነተኛው ጭምቅ 12 ኪሎ ፍላቮኖል ግላይኮሳይድ አለው። ከአንድ ኪሎ ሩቲን ግማሽ ኪሎ ገደማ ኩዌርሴቲን ስለሚወጣና እሱም በ2.51 ስለሚባዛ፣ አሥሩ ኪሎ ሩቲን በስሌቱ ላይ 12 ኪሎ ያህል ሆኖ ይቆጠራል። ድምሩ 24 በመቶ ነው፤ ምርቱ ፈተናውን ያልፋል፣ ገዢው ግን የሚያገኘው ግማሽ ጊንኮ ብቻ ነው። በዚህ ድብልቅ ውስጥ ተርፒን ላክቶኑ ከ6 ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ 24 በመቶን ጎላ አድርጎ ጽፎ ስለ ተርፒን ላክቶን ዝም የሚል ማሸጊያ ሊያጠራጥረን ይገባል። ሁለቱም ቁጥሮች መጻፋቸው ግን ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የተጻፈው ሁሉ ተለክቷል ማለት አይደለምና።

ሦስተኛው ስህተት «ተመርምሯል» የሚለውን ቃል የምርመራውን ዓይነት ሳይጠይቁ መቀበል ነው። በ2015 የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በገበያ ላይ ያሉ የእጽዋት ምርቶችን በዲኤንኤ ምርመራ አስፈትሾ በብዙዎቹ ላይ የተጻፈውን ተክል እንዳላገኘ ሲያሳውቅ፣ በርካታ ባለሙያዎች ዘዴውን ተቃውመውታል። ምክንያታቸውም ጭምቅ ሲዘጋጅ የተክሉ ዲኤንኤ ሊጠፋ ወይም ሊበጣጠስ መቻሉ ነው። በተቃራኒው የዲኤንኤ ምርመራ ጊንኮ ቢያገኝም፣ ምን ያህል እንደሆነ ወይም ሩቲን ተጨምሮበት እንደሆነ አይናገርም። ለጭምቅ የሚበጀው ናሙናው በአሲድ ሳይፈላ ውህዶችን አንድ በአንድ በሚለየው የክሮማቶግራፊ ዘዴ እንዳለ የሚታይበት ምርመራ ነው። የእውነተኛ ጊንኮ ጭምቅ በውጤቱ ግራፍ ላይ ብዙ ልዩ ልዩ ግላይኮሳይዶችን ተራ በተራ ያሳያል፤ በተበረዘው ላይ ግን አንዱ የሩቲን ጫፍ ሌሎቹን አሳንሶ ብቻውን ይገዝፋል። የመድኃኒትና የእጽዋት ምርቶችን የጥራት መስፈርት የሚያወጣው የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ሩቲን ከ4 በመቶ፣ ነፃ ኩዌርሴቲን ደግሞ ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ከላይ ያየነው ድብልቅ በዚህ መስፈርት ወዲያውኑ ይወድቃል። በሶፎራ ውስጥ ያለው ጄኒስቲን የተባለ ውህድ ከተገኘ ደግሞ የሶፎራ መቀላቀል ዋነኛ ምልክት ነው።

የምርመራ ሰነድ የሚቀርብለት ገዢ እንግዲህ ሊያያቸው የሚገቡት የተርፒን ላክቶን መጠን፣ የሩቲንና የነፃ ኩዌርሴቲን ውጤት፣ የጊንኮሊክ አሲድ ልክ እና የተጠቀሙበት ዘዴ ናቸው። «መስፈርቱን ያሟላል» ከሚል ቃል ይልቅ ቁጥር የያዘ ሰነድ መጠየቅ ይሻላል። የሚረሳው ነገር የምርት ተራ ቁጥሩ ነው፤ በሰነዱ ላይ ያለው በማሸጊያው ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ፣ የተመረመረው ናሙና ገዢው በእጁ ከያዘው ምርት የተወሰደ ለመሆኑ ምንም ማስረጃ የለም።