በ20 ሄዶ በ30 ለተመለሰ፣ አማካዩ ለምን 25 አይሆንም?

ከባሕር ዳር መራዊ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሂሳቡ እንዲመቸን ድፍን 30 እንበለው። አንድ ሰው በሳይክል ሲሄድ በሰዓት 20፣ ሲመለስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነዳ። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው? አብዛኛው ሰው ሳያመነታ "25" ይላል። መልሱ ግን 24 ነው።

ሁለቱን ፍጥነቶች ደምሮ ለሁለት ማካፈል። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። አማካይ ፍጥነት ማለት ጠቅላላው ርቀት ለጠቅላላው ሰዓት ሲካፈል ነው። እስቲ እናስላው። ሲሄድ 30 ኪሎ ሜትሩ 90 ደቂቃ ፈጀበት። ሲመለስ 60 ደቂቃ። በድምሩ 60 ኪሎ ሜትር በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ማለትም በሰዓት 24። መንገዱ እኩል ነው፣ ሰዓቱ ግን አይደለም። ሰውዬው በዝግታ የነዳው 90 ደቂቃ፣ በፍጥነት የነዳው 60 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ አማካዩ ወደ 20 ያዘነብላል። ርቀቱን 5 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ብታደርጉትም፣ ሄዶ መመለሱ እኩል እስከሆነ ድረስ ያው 24 ነው።

"25 ጭራሽ አይሆንም" ማለት። ይሆናል፤ እኩል የሆነው ሰዓቱ ከሆነ። አንድ ሰዓት በ20፣ አንድ ሰዓት በ30 የነዳ ሰው በሁለት ሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ደርሶ መልስ ላይ ግን ይህ አይሠራም። 20 ኪሎ ሜትር ሄዶ የዞረ ሰው በ30 ሲመለስ በ40 ደቂቃ ቤቱ ይገባልና።

"ስመለስ አካክሰዋለሁ" ብሎ ማሰብ። በጣም የሚያሳስተው ይሄኛው ነው። አማካዩን 25 ለማድረግ 60ውን ኪሎ ሜትር በ144 ደቂቃ መጨረስ ያስፈልጋል። 90ው መራዊ እስኪደረስ አልቋል። የቀረው 54 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ሲመለስ በሰዓት ከ33 በላይ መንዳት ግድ ነው። አማካዩ 40 ይሁን ብትሉስ? 60 ኪሎ ሜትር በ40 ሲነዳ 90 ደቂቃ ይፈጃል። ያ 90 ደቂቃ ደግሞ ገና ሲሄድ ተበልቷል። ስለዚህ የቱንም ያህል ቢበር አይደርስበትም።

ነፋስም እንደዚሁ ነው። ሲሄድ ፊት ለፊት ገፍቶ 5 ቢቀንስ፣ ሲመለስ ከኋላ ገፍቶ 5 ቢጨምር፣ ሰው "ተቻቻለ" ይላል። አልተቻቻለም። ነፋስ በሌለበት በ25 ቢነዳ 144 ደቂቃ ይበቃው ነበር፤ አሁን 150 ፈጀበት።

እረፍቱን መርሳት። መራዊ ላይ 20 ደቂቃ ሻይ ከተጠጣ፣ ከቤት እስከ ቤት ያለው አማካይ ወደ 21 ይወርዳል። አንዳንድ የስልክ አፖች የቆማችሁበትን ደቂቃ አይቆጥሩም፤ እነሱ 24 ይላሉ። ከጓደኛችሁ ጋር ስትወዳደሩ መጀመሪያ ሁለታችሁም የምታወሩት ስለየትኛው እንደሆነ ተስማሙ።