ብድግ ስል ዓይኔ ጭልም ይላል፦ ግፊቴ ወርዶ ነው?

የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች «ተቀምጬ ደህና ነኝ፣ ስነሳ ግን ይዞርብኛል» ይላሉ። ሲለኩ ደግሞ ግፊታቸው እንዲያውም ከፍ ያለ ይሆናል። ተቀምጠው ስለሚለኩ ነው። የሚወርደው ከቆሙ በኋላ ነው።

አልጋ ላይ ሲገላበጡ ቤቱ የሚሽከረከር ከሆነ ነገሩ ብዙውን ጊዜ የጆሮ ነው። ሲቆሙ መጥቶ ሲቀመጡ የሚለቅ ከሆነ ግን ግፊትን ጠርጥሩ። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩንም ይለካ።

አለካኩ እንዲህ ነው። 5 ደቂቃ ጋደም ብላችሁ ግፊትና የልብ ምት ለኩ። ከዚያ ቁሙና በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ድገሙት። ክንዳችሁ በልብ ትክክል ይደገፍ፤ ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ከፍ ብሎ መውረዱን ይደብቃል። አጠገባችሁ ሰው ይኑር፤ ልትወድቁ ከመሰላችሁ ወዲያው ተቀመጡ። የላይኛው በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ስትቆሙ ግፊታችሁ ይወርዳል ማለት ነው።

አንድ የ68 ዓመት አባት በሁዳዴ ጾም መጡ። አምሎዲፒንና የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለዓመታት ወስደዋል። በቅርቡ ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን ተጨምሮላቸዋል። ጋደም ብለው 148/82፣ ምት 70። በ3ኛው ደቂቃ 118/72፣ ምት 88።

ግፊታቸው በ30 ሲወርድ ምታቸው በ18 ጨምሯል፤ ልባቸው ለማካካስ እየሞከረች ነው። ምቱ በ5 ወይም በ6 ብቻ ቢጨምር ኖሮ ሐሳቤ ወደ ነርቭ ጉዳት ይሄድ ነበር። ስኳር የቆየበት ሰው ላይ ይህ ይታያል። ምት የሚያዘገዩ እንደ አቴኖሎል ያሉ መድኃኒቶች ግን ይህን ስሌት ያበላሹታል።

መድኃኒቶቹን መቼ እንደሚወስዱ ስጠይቅ ምስጢሩ ወጣ። ሦስቱንም ጠዋት በባዶ ሆድ ይውጣሉ፤ እስከ 9 ሰዓት ውሃም አይቀምሱም። ታምሱሎሲን የደም ሥርን ያላላል፣ በባዶ ሆድ ደግሞ ወደ ደም የሚገባው ይበዛል። የሚያሸናው ውሃውን ያወጣል፣ የሚተካው የለም።

ታምሱሎሲኑ ከእራት ግማሽ ሰዓት በኋላ ሆነ። የሚያሸናውን ሐኪሙ በግማሽ ቀነሰ። ጾሙ በሚፈታበት ሰዓት በቂ ውሃ እንዲጠጡ ተነገራቸው፤ ልብ ወይም ኩላሊት የታመመ ሰው ግን ይህን ሳይጠይቅ አያድርግ። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ አልጋው ጫፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው፣ ሽንታቸውንም ተቀምጠው እንዲሸኑ ተስማማን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋደም ብለው 144፣ ቆመው 132 ሆነ።

አንዳንዱ ሲዞርበት መድኃኒቱን በራሱ ያቆማል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው፤ ያልታከመ ግፊት ራሱ ሲቆሙ የሚመጣውን መውረድ ሊያባብሰው ይችላል። አቴኖሎልን በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ልብን ይጎዳል። ራስን ስቶ መውደቅ፣ የደረት ሕመም፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ መለካቱን ትታችሁ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።