ዕቃው ሲመለስ ኮሚሽኑም ይመለሳል፤ ግን ስንት? የተለመዱ ስህተቶች

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ፔሮል እሠራ ነበር። ነሐሴ ላይ አንዲት የሽያጭ ሠራተኛችን ሳቢያን ላለ ሆቴል 5 ፍሪጅ ሸጠች። የአንዱ ዋጋ ከነቫቱ 69,000 ብር፣ ያለ ቫት 60,000 ብር ነው። ኮሚሽኗ ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ 2 በመቶ ስለሆነ 6,000 ብር ተከፈላት። መስከረም ላይ ሆቴሉ 2ቱን መለሰ፤ ለክፍሎቹ ትልቅ ሆነውበት ነበር። አለቃችን «ኮሚሽኑን ቁረጡባት» አለ። መቁረጡስ ልክ ነው። ጣጣው የመጣው ከአቆራረጡ ነው።

ከነቫቱ መቁረጥ

ለተመለሱት ፍሪጆች የተቆረጠው ክሬዲት ኖት ከታች በደማቁ 138,000 ይላል። የሒሳብ ሠራተኛው ዓይኑ እዚያ ላይ አረፈና 2 በመቶውን አሰላ፤ 2,760 ብር መጣ። ኮሚሽኑ ሲከፈል ግን በ60,000 ነበር የተሰላው። ስለዚህ የሚመለሰው ከ120,000 ብር ላይ 2 በመቶ፣ ማለትም 2,400 ብር ብቻ ነው። 360 ብሩ ዝም ብሎ የተወሰደባት ነው። የተከፈለበትና የሚቆረጥበት መነሻ አንድ ካልሆነ ሒሳቡ ከጅምሩ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ከግብር በኋላ መቁረጥ

ይሄ ነው ብዙ ሰው የማያየው። እኔም መጀመሪያ አላየሁትም።

የልጅቷ ደመወዝ 6,000 ብር ነው። በመስከረም ሌላ ዕቃ ሸጣ 3,000 ብር ኮሚሽን አላት። ፔሮሉ በ9,000 ብር ላይ ግብር አሰላ፤ በ2017 ሐምሌ በተጀመረው ማስከፈያ 1,400 ብር ይሆናል። ከዚያ ከእጇ ከሚገባው ላይ፣ የላይኛውን 360 ብር እንተወውና፣ 2,400 ብር ተቀነሰ። አያችሁ? ለመለሰችው ገንዘብም ግብር ከፈለች።

ትክክለኛው መንገድ ተመላሹን ከወሩ ኮሚሽን ላይ ቀድሞ መቀነስ ነው። 3,000 ሲቀነስ 2,400፣ የመስከረም ኮሚሽኗ 600 ብር ነው። ግብሩ በ6,600 ብር ላይ ይሰላል፤ 820 ብር። ልዩነቱ 580 ብር ነው። ለእሷ የወር የባጃጅ ወጪ ማለት ነው።

የራሳችሁን ማየት ከፈለጋችሁ የደመወዝ ወረቀቱን ገልጣችሁ እዩ። የኮሚሽኑ መስመር 3,000 ብሎ፣ ከግብሩ በታች «ሌሎች ተቀናሾች» በሚል 2,400 ከተቀመጠ ተሳስተዋል። የኮሚሽኑ መስመር ራሱ 600 ማለት አለበት።

ያለ ጽሑፍ መቁረጥ፣ ሁሉንም በአንዴ መቁረጥ

በመስከረም ምንም ባትሸጥስ? ያኔ የሚነካው ደመወዟ ነው፤ እዚህ ላይ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 ይመጣል። ከደመወዝ ለመቁረጥ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። «ሲቀጠሩ ነግረናቸዋል አቦ!» አይሠራም። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዝ 1/3 መብለጥ የለበትም።

የምን ደመወዝ? በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 53 ኮሚሽን እንደ ደመወዝ አይቆጠርም። ስለዚህ ሲሶው የሚሰላው ከ6,000 ብሩ ነው፤ 2,000 ብር። የቀረው 400 ብር ወደ ጥቅምት ይዞራል።

በእኔ እምነት ደመወዝ ባይነካ ይሻላል። «የተመላሽ ዕቃ ኮሚሽን ከሚቀጥሉት ኮሚሽኖች ላይ ይቀነሳል» የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ ቢጻፍ ግማሹ ጭቅጭቅ አይነሳም።

ለምን እንደተመለሰ አለመጠየቅ

የእኛ ፍሪጆች የተመለሱት ሻጯ የክፍሉን ስፋት ሳትጠይቅ ስለሸጠች ነው፤ ኮሚሽኑ ቢመለስ አያስከፋም። ኮምፕረሰሩ ከፋብሪካው ተበላሽቶ ቢመጣስ? ወይም መጋዘን ውስጥ በሩ ቢጎብጥ? እሷ ሥራዋን ጨርሳለች። የትኛው ምክንያት ኮሚሽን እንደሚያስመልስ ውሉ ቀድሞ መለየት አለበት። ደንበኛው ዕቃውን በሌላ ሲቀይር ደግሞ የሚመለሰው የዋጋው ልዩነት ኮሚሽን ብቻ ነው። 60,000 ብሩን በ50,000 ብር ፍሪጅ ከቀየረ 200 ብር። አንዳንድ ሱቅ የመጀመሪያውን ሙሉ ኮሚሽን ይቆርጥና የሁለተኛውን መክፈል ይረሳል።

የመመለሻ ቀን አለመወሰን

ከ4 ወር በኋላ ለተመለሰ ዕቃ የተቆረጠበት ሰው አውቃለሁ። ያኔ ሥራ ሊለቅ ነበር፤ የመጨረሻ ክፍያው በ7 የሥራ ቀን መከፈል ስላለበት ሁሉም ነገር በጥድፊያ ተሠላ። እኛ በኋላ ያደረግነው ቀላል ነው። ደንበኛ ዕቃ የሚመልስበትን ጊዜ 30 ቀን አልን። ግማሹን ኮሚሽን በሽያጩ ወር፣ ቀሪውን 30 ቀኑ ሲያልፍ መክፈል ጀመርን። ሻጮቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ። ልጅቷ ግን የ360ውና የ580ው ድምር፣ 940 ብሯ ተመልሶላት ስለነበር መጀመሪያ የፈረመችው እሷ ናት።